ከቆላ ሥራ መልስ ሽንት ለምን ይጠቁራል?

ከንፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ አካባቢ ተነስቶ ወደ ስማዳ ቆላ የወረደ ሰው የአየሩን ለውጥ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በላይ ጋይንት ደጋና በጉና ተራራ ዙሪያ ጋቢ ተደርቦም ብርዱ አይለቅም። ወደ በሸሎና ወደ አባይ ሸለቆ በተወረደ ቁጥር ግን ፀሐዩ ይበረታል፣ ላቡ ይወርዳል፣ የያዙት ውሃም ቶሎ ያልቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላ ሲያጭድ የዋለ ሰው ማታ ላይ ወደ ሜዳ ወጣ ሲል ሽንቱ ጥቂት ነው፤ ቀለሙም ከወትሮው በጣም የጠቆረ ቢጫ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል፤ ወገቡም ከሥራው ብዛት ስለሚያመው ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ላብ ካጠበው ቀን በኋላ የሚታይ ጥቂትና ጠቆር ያለ ሽንት በአብዛኛው ጤነኛ ኩላሊት ከባዱን ሥራውን በሚገባ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ይልቅስ ሊያሳስበን የሚገባው ሰው ውሃ ሳይጠጣ ውሎም ሽንቱ ብዙና ነጣ ያለ ሆኖ ሲቀር ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ኩላሊት ሽንትን እንዴት እንደሚያወፍር ማየት ያስፈልጋል። ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ አሠራሩን ለመገመት ግን ሳይንስ እስከ 1940ዎቹ፣ በመለኪያ ለማረጋገጥም እስከ 1951 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ቆይቷል።

በመጀመሪያ የሥራውን መጠን እንይ። የአንድ አዋቂ ሰው ሁለት ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው በደህና ቀን አንድ ወይም አንድ ተኩል ሊትር ብቻ ነው። ቀሪው በሙሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ከተጣራው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ገና በመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ይመለሳል፤ ይህ ሰው ውሃ ጠጣም አልጠጣም የሚሆን ነገር ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከዚያ በኋላ ባለው ፈሳሽ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሰውነት በየቀኑ ማስወጣት ያለበት ቆሻሻ አለ፤ ጨው፣ ዩሪያና ሌሎች በውሃ የሟሙ ነገሮች። ሐኪሞች የእነዚህን ብዛት ሚሊኦስሞል በሚባል መስፈሪያ ይቆጥሩታል። ለተለመደ አመጋገብ በቀን 600 ያህል ይሆናል። የደማችን ውፍረት በሊትር 290 አካባቢ ነው፤ ለስሌት እንዲቀል 300 እንበለው። ኩላሊት ሽንትን ከደም በላይ ማወፈር ባይችል ኖሮ እነዚህን 600 ለማስወጣት ሁለት ሊትር ውሃ በግድ ማፍሰስ ነበረበት። ጤነኛ የሰው ኩላሊት ግን ሽንትን እስከ 1,200 ድረስ ማወፈር ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ቆሻሻ በግማሽ ሊትር ውሃ ብቻ ያስወጣዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ተኩል ነው። ቆላ ላይ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ ለዋለ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ኩላሊት ከሽንት ውስጥ ውሃውን ነጥሎ ቆሻሻውን የሚተወው እንዴት ነው? ውሃን እየገፋ የሚያሳልፍ ፓምፕ በሰውነታችን ውስጥ የለም። ውሃ በራሱ ጊዜ የሚሄደው ቀጠን ካለ ቦታ ወፈር ወዳለ፣ ማለትም ጨው ወደበዛበት ቦታ ነው። ሰውነት መግፋት የሚችለው ጨውን ነው። ስለዚህ ኩላሊት ውሃን ከሽንት ለመሳብ ከፈለገ በሽንት ቱቦው ዙሪያ ከደም አራት እጥፍ የሚወፍር ጨዋማ ስፍራ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ይህን ስፍራ የሚሠራው የሄንሌ ጥምዝ ነው።

ያዕቆብ ሄንሌ በጀርመን አገር ጎቲንገን የነበረ የሰውነት ክፍሎች መምህር ነው። በ1862 በኩላሊት ውስጥ ከላይ ወደ ታች ወርደው፣ ታጥፈው፣ እንደገና ወደ ላይ የሚመለሱ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች እንዳሉ ገለጸ። በእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል የማጣሪያ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ጥምዝ አለው። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ከመቶው 15 ያህሉ ግን ረጅም ሆነው እስከ ኩላሊት ጥልቅ ክፍል ድረስ ይወርዳሉ። ሄንሌ ቅርጹን አየ፤ ጥቅሙን ግን በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም።

የጥምዙ ሁለት ጎኖች ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ ምስጢሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ታች የሚወርደው ጎን ግድግዳው ውሃን እንደልብ ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እምብዛም አያሳልፍም። ወደ ላይ የሚወጣው ጎን ደግሞ ውሃን ፈጽሞ አያሳልፍም፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ፓምፖች ግን ጨውን ከውስጥ እያወጡ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ይገፋሉ። ፓምፖቹ አቅማቸው ውስን ነው። በግድግዳው በሁለቱ ወገን የሚፈጥሩት የውፍረት ልዩነት 200 ያህል ሲደርስ ከዚያ በላይ መግፋት ያቅታቸዋል። ታዲያ 200 ብቻ የሚያበልጥ ፓምፕ ከ300 ተነስቶ እንዴት 1,200 ላይ ይደርሳል?

መልሱን ከቁጥር ጋር ቀስ ብለን እንከተለው። መጀመሪያ በጥምዙ ውስጥም በዙሪያውም ያለው ሁሉ 300 ነው እንበል። ፓምፖቹ ሥራ ይጀምራሉ። ከሚወጣው ጎን ጨው ሲወጣ በውስጡ የቀረው ፈሳሽ ወደ 200 ይቀጥናል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ ወደ 400 ይወፍራል፤ ልዩነቱ 200 ሞላ። የሚወርደው ጎን ውሃ የሚያሳልፍ ስለሆነ ውሃው ወደ ወፈረው ሥጋ ይወጣና በውስጡ የቀረው ፈሳሽ እሱም 400 ይሆናል። ወደ ሥጋው የገባው ውሃ ደግሞ በአጠገቡ በሚያልፉት የደም ሥሮች ተወስዶ ይሄዳል።

አሁን ፈሳሹ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ከላይ አዲስ 300 የሆነ ፈሳሽ ይገባል፤ ገብቶም የቀደመውን ይገፋዋል። በሚወርደው ጎን የነበረው 400 የሆነው ፈሳሽ መታጠፊያውን ዞሮ በሚወጣው ጎን ታችኛው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ አሁን የሚሠራው በ300 ሳይሆን በ400 ላይ ነው። እንደገና የ200 ልዩነት ሲፈጥር በታች በኩል የሚወጣው ፈሳሽ ወደ 300 ይወርዳል፣ ዙሪያው ግን 500 ይሆናል። የሚወርደው ጎንም 500 ይሆናል። ይህ 500 የሆነው ፈሳሽ ደግሞ በተራው ይታጠፍና ፓምፑ ከዚያ ላይ ይጀምራል። ፓምፑ አልበረታም፤ የሚነሳበት ቦታ ግን በየዙሩ ከፍ አለ።

የጋይንት እናቶች አረቄ ሲያወጡ የሚያደርጉት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ የወጣ አረቄ ጥንካሬው የተወሰነ ነው። ያንኑ እንደገና ሲያወጡት ግን ዳግም አረቄ ይሆናል፤ የበረታው እሳቱ ስለጨመረ ሳይሆን የተነሱት ቀድሞ ከበረታው ስለሆነ ነው። ልዩነቱ አረቄ በየተራ የሚወጣ ሲሆን፣ በኩላሊት ግን ሁሉም ዙር በአንድ ጊዜ ሳያቋርጥ መካሄዱ ነው። ይህን የሚያስችለው የሚወርደውና የሚወጣው ፈሳሽ ጎን ለጎን ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ መፍሰሳቸው ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢፈሱ ኖሮ ፓምፑ ከ200 አልፎ አይሄድም ነበር። በዚህም ምክንያት ሥርዓቱ በሳይንስ የተቃራኒ ፍሰት ማባዣ ይባላል። በየትኛውም ከፍታ ላይ በግድግዳው በሁለቱ ወገን ያለው ልዩነት ከ200 አይበልጥም፤ ከላይ እስከ ታች ሲታይ ግን ዙሪያው ከ300 ተነስቶ 1,200 ይደርሳል።

ይህን ሐሳብ ያመጣው ሐኪም አልነበረም። ቨርነር ኩን በስዊዘርላንድ ባዝል የነበረ የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ በ1942 ሐሳቡን ከሥራ ባልደረባው ጋር አቀረበ። ብዙዎች በቀላሉ አልተቀበሉትም። በ1951 ግን እሱና ባልደረቦቹ የአይጥ ኩላሊትን በስሱ ቆርጠው አቀዘቀዙት፤ በየክፍሉ ያለው በረዶ በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደሚቀልጥም በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ጨው የበዛበት ውሃ ቀድሞ ይቀልጣል። በረዶው ቀድሞ የቀለጠው በጥልቁ የኩላሊት ጫፍ ላይ ነበር፤ ወደ ውጭ በተሄደ ቁጥር ደግሞ እየዘገየ ሄደ። ማባዣው በቁጥር ብቻ ሳይሆን በዓይን ታየ።

አሁን አንባቢን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከሄንሌ ጥምዝ የሚወጣው ፈሳሽ ወፍራም አይደለም። ወደ ላይ ሲወጣ ጨዉን እያጣ ስለሄደ ጫፍ ላይ ሲደርስ 100 ያህል ብቻ ነው፤ ከደምም ይቀጥናል። ጥምዙ ሽንትን አያወፍርም፤ ሽንት የሚወፍርበትን ስፍራ ያዘጋጃል። ፈሳሹ ከዚያ በኋላ ወደ ሰብሳቢ ቱቦ ይገባል። ይህ ቱቦ ደግሞ ያንኑ የተዘጋጀ ጨዋማ ስፍራ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ይወርዳል። ግድግዳው ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ውሃው በየደረጃው ወደ ውጭ ይሳባል፤ ታች ሲደርስም ሽንቱ እንደ ዙሪያው 1,200 ይሆናል። ግድግዳው ካልተከፈተ ግን ቀጭኑ ፈሳሽ እንደቀጠነ ወደ ፊኛ ይፈስሳል።

በሩን የሚከፍተው ከአንጎል ሥር የሚመነጨው ቫዞፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ደም አንድ በመቶ ያህል እንኳ ሲወፍር አንጎል ይሰማዋል፤ ሆርሞኑን ይለቃል። በሰብሳቢው ቱቦ ግድግዳ ላይ የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይደረደራሉ። ሆርሞኑ ብዙውን ጊዜ ከጥማት ይቀድማል። ስለዚህ ያ አጫጅ ገና ጠማኝ ሳይል ኩላሊቱ ውሃ መቆጠብ ጀምሯል። ረፋድ ላይ ላቡ ሲወርድ ሽንቱ መጥቆር ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ውስጥ ጠንክሮ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያጣ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሆርሞኑ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ማታ የሚያየው ጠቆር ያለ ሽንት ያው የዘወትሩ ቀለም ነው፤ የተቀነሰው ውሃው ብቻ ነው።

ለጥልቁ ክፍል ውፍረት የሚያዋጣ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ዩሪያ ነው። ገበሬው ለጤፍና ለስንዴ ማዳበሪያ የሚበትነው ዩሪያና በሽንታችን ውስጥ ያለው ዩሪያ በኬሚስትሪ አንድ ናቸው። በሰውነት ውስጥ ዩሪያ የሚሠራው ከፕሮቲን፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከባቄላና ከአተር ነው። ከሰብሳቢው ቱቦ ታችኛ ክፍል ጥቂቱ ወደ ዙሪያው እየወጣ በዚያ ይከማቻል፤ በጥልቁ ክፍል ካለው ውፍረት ግማሽ ያህሉን የሚይዘውም እሱ ነው። በዚያ ጥልቅ ቦታ የጥምዙ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጠንካራው የጨው ፓምፕ አይገኝም፤ ውፍረቱ እዚያ እንዴት እንደሚገነባ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። የዩሪያ ድርሻ ግን የታወቀ ነው። በዚህም ምክንያት ለረጅም ጊዜ ፕሮቲን የጎደለው ሰው ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሽንቱን እስከ 1,200 ማድረስ ያቅተዋል። በእነዚህ ወረዳዎች ክረምት ላይ እህል ሲያጥርና ምግቡ ሲሳሳ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ሽሮና ባቄላ ገበታ ላይ መኖራቸው ለኩላሊትም ይጠቅማል።

ደም በዚህ ጨዋማ ስፍራ ውስጥ ሲያልፍ ጨዉን ጠርጎ እንዳይወስድ የደም ሥሮቹም ወርደው ታጥፈው ይመለሳሉ። ሲወርዱ ጨው ይገባባቸዋል፣ ሲመለሱ ጨዉን ይተዋሉ፤ ትርፉን ውሃ ግን ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ የሚያልፈው ደም ጥቂትና ዝግተኛ መሆኑም ይረዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኩላሊት የጠፋውን ውሃ አይፈጥርም፤ የሚያደርገው ብክነቱን መቀነስ ነው። ከግማሽ ሊትር በታች መውረድ ስለማይችል ምንም ሳይጠጡ መዋል ውሎ አድሮ ደምን ያወፍራል። ሽንቱ የጠቆረ ሰው ኩላሊቱ ደህና ቢሆንም ውሃ ያስፈልገዋል። በቆላ ውሎ መልስ ቀጥታ ወደ ጠላና ወደ አረቄ መሄድ ደግሞ ጎጂ ነው፤ አልኮል ቫዞፕሬሲን እንዳይወጣ ስለሚያግድ በሩ ይዘጋል፣ ሰውነት ሊያጣው የማይገባውን ውሃ በቀጭን ሽንት ያጣል። በሑዳዴ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውል ጤነኛ አዋቂ ግን ይህን ያህል ጊዜ ኩላሊቱ ይችለዋል፤ ምሽት ላይ በቂ ውሃ ከጠጣ ቀለሙ ተመልሶ ይነጣል። ጨቅላ ሕፃናት ሌላ ናቸው። ጥምዞቻቸው አጫጭር ናቸው፤ ዩሪያቸውም ጥቂት ነው፤ ሽንታቸውን የአዋቂን ግማሽ ያህል እንኳ ማወፈር ይቸግራቸዋል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚደክመው አንዱ ምክንያት ይህ ነውና ኦአርኤስ ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

ማባዣው ሲበላሽ ምን ይመስላል? ግልጹ ምሳሌ የመድኃኒት ነው። የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች በብዛት የሚታዘዘው ፉሮሴማይድ፣ በተለምዶ ላሲክስ የሚባለው፣ የሚሠራው በሚወጣው ጎን ላይ ያለውን ያንኑ የጨው ፓምፕ በመዝጋት ነው። ፓምፑ ሲቆም ጨዋማው ስፍራ ይሳሳል፤ ሆርሞኑ በሩን ቢከፍትም ውሃውን የሚስብ ነገር የለም። ሽንቱ ይበዛል፣ ውፍረቱም ወደ ደም ውፍረት ይጠጋል። ውሃ ያቆረበት እግርና ሳንባ እፎይ የሚለው በዚህ ነው። ነገር ግን ያው ታማሚ መድኃኒቱን እየወሰደ ለሥራ ወደ ቆላ ቢወርድ ኩላሊቱ ውሃ መቆጠብ እንደማይችል ማወቅ አለበት፤ ከመውረዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥም ልክ አይደለም።

ሁለተኛው በዝግታ የሚመጣ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ለዓመታት ኩላሊትን ሲጎዱ ሽንትን የማወፈር ኃይል ገና በጊዜ ከሚዳከሙት ነገሮች አንዱ ነው። ቀድሞ ሌሊቱን ሳይነሳ ያድር የነበረ ሰው አሁን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል፤ ምክንያቱም ኩላሊቱ የሌሊቱን ሽንት ማወፈርና ማሳነስ አቅቶታል። ሕመም ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም። በላብራቶሪ ግን ሽንት ውስጥ በሚነከር ወረቀት ይታያል። ሽንት ከውሃ አንጻር ያለው ክብደት ውሃ ሳይጠጣ ባደረ ጤነኛ ሰው ጠዋት ላይ ወደ 1.025 ወይም 1.030 ይደርሳል። ጠጣም አልጠጣም 1.010 ላይ የሚቆም ከሆነ የዚያ ሰው ሽንት ከደሙ እኩል ነው ማለት ነው፤ ማባዣው አይሠራም።

ቀለም ብቻውን እንደማያስተማምን ይታወቅ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ የጉበት በሽታም ዓይንን ቢጫ እያደረገ ሽንትን ያጠቁራል። ሽንት ደም የሚመስል ከሆነ ወይም በደንብ ከጠጡ በኋላም በማግሥቱ ካልነጣ ይህ ስለ ላብ የተነገረው አይመለከተውም፤ መታየት አለበት።

እንግዲህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ሽንቱ ጠቁሮ ቢያገኘው አይደንግጥ፤ ውሃ ይጠጣ፣ በማግሥቱም ይየው። ቤት ውስጥ ውሃ ሳይጠጡ አድረው እንኳ ሽንታቸው የሚነጣ፣ ሌሊትም ደጋግመው የሚነሱ አባት ወይም እናት ካሉ ግን «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይወሰዱና ሽንታቸው፣ የደም ግፊታቸውና የደም ስኳራቸው ይለካ።